ሁሉን ከእኛ በርካሽ ቢያመርቱም የምንሸጥላቸው አናጣም

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር፣ እንዲሁም ለአምራቾችና ለነጋዴዎች ሁሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከታሪፍ ከለላ በፊት ሊሠራ የሚገባውን ስሌት ይመለከታል

የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ተፈረመ። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከትነው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. ነው። ንግዳችንን ስለ መክፈት በተነሳ ቁጥር፣ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የስብሰባ አዳራሾች እስከ መርካቶ ጅምላ መደብሮች ድረስ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «እነሱ ሁሉን ነገር ከእኛ በርካሽ ያመርታሉ። በሩን ከከፈትን እኛ ምን ሸጠን ልንኖር ነው?»

ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። የሚጠይቁት ሰዎች እንጀራቸው ያለበትን ጉዳይ ነው የሚጠይቁት። «ብዙ ዕቃ በአነስተኛ ጉልበት የሚያመርቱ አገሮች አሉ» ማለታቸውም እውነት ነው። ስህተቱ ያለው ከዚያ በሚደረሰው መደምደሚያ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ያንን ስህተት በቁጥር ለማሳየትና ለአንድ ዕቃ የታሪፍ ከለላ ሲጠየቅ ምን ተሰልቶ መታየት እንዳለበት ለመጠቆም ነው።

ከቅርቡ እንጀምር። መርካቶ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ረዳት የሚሠሩበትን ሱቅ እናስብ። ዋናው ሰፊ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጠመኔ ያሰምራል፤ መቀሱን ካነሳ አይሳሳትም። በሰዓት 6 ሱሪ ይቆርጣል፤ መኪናው ላይ ከተቀመጠ ደግሞ 2 ሱሪ ይሰፋል። ረዳቱ ጨርቅ እንዳያበላሽ እየደጋገመ ስለሚለካ በሰዓት የሚቆርጠው 1 ሱሪ ብቻ ነው፤ የሚሰፋውም 1 ነው። ዋናው ሰፊ በሁለቱም ይበልጣል። እንደዚያም ሆኖ ስፌቱን ለረዳቱ ይሰጣል፤ እሱ መቁረጡን ይይዛል። ለምን ቢባል፣ እሱ 1 ሱሪ ልስፋ ቢል 3 ሱሪ ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ረዳቱ 1 ሱሪ ሲሰፋ ግን ሳይቆረጥ የሚቀረው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ሱቅ ውስጥ ስፌት የሚረክሰው በቀርፋፋው ሰው እጅ ነው።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። አንድን ነገር ለመሥራት የሚከፈለው እውነተኛ ዋጋ፣ እሱን ስንሠራ ሳንሠራው የቀረው ሌላው ነገር ነው። በሁለት ሥራ የሚበልጥ ሰው ሊኖር ይችላል። በሁለቱም የሚቀርበት ነገር ከሌላው ሰው ያነሰ ሊሆን ግን አይችልም፤ በአንዱ ያነሰ እንደሆነ በሌላው የግድ ይበዛል። ኢኮኖሚስቶች ይህን አንጻራዊ ብልጫ ይሉታል። ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 እንግሊዝንና ፖርቱጋልን አነጻጽሮ ሲያስረዳ ሆን ብሎ ፖርቱጋልን በሁለቱም ዕቃ የበላይ አድርጓታል፦ ለወይን ጠጁ እሷ 80 ሠራተኛ ሲበቃት እንግሊዝ 120፣ ለጨርቁ እሷ 90 ሲበቃት እንግሊዝ 100 ያስፈልጋታል። እንዲህም ሆኖ እንግሊዝ ጨርቅ ሸጣ ወይን ጠጅ ብትገዛ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ወደ አገር እናምጣው። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱ እንዲታይ ያቀለልናቸው ናቸው እንጂ የማንም ፋብሪካ መረጃ አይደሉም። እኛ ዘንድ አንድ ሸሚዝ 3 የሥራ ሰዓት፣ አንድ የውሃ ፓምፕ 30 የሥራ ሰዓት ይፈጃል እንበል። በሌላው አገር ሸሚዙ 2 ሰዓት፣ ፓምፑ 5 ሰዓት ይፈጃል። በሁለቱም ይበልጡናል፤ በሸሚዝ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በፓምፕ ስድስት እጥፍ።

እኛ 1 ፓምፕ ስንሠራ የሚቀርብን 10 ሸሚዝ ነው። እነሱ 1 ፓምፕ ሲሠሩ የሚቀርባቸው 2 ተኩል ሸሚዝ ነው። እንግዲህ የአንድ ፓምፕ ዋጋ ከ2 ተኩል ሸሚዝ በላይ፣ ከ10 ሸሚዝ በታች እስከሆነ ድረስ ለሁለቱም የሚበጅ ውል አለ። ገበያው 5 ሸሚዝ በ1 ፓምፕ ላይ ቢቆም፣ እኛ 5 ሸሚዝ በ15 ሰዓት ሰፍተን ልከን በ30 ሰዓት የምንሠራውን ፓምፕ እናገኛለን። እነሱም 1 ፓምፕ በ5 ሰዓት ሠርተው፣ ራሳቸው ቢሰፉት 10 ሰዓት የሚፈጅባቸውን 5 ሸሚዝ ያገኛሉ። ሁለቱም በግማሽ ድካም ያንኑ ዕቃ አገኙ። አንዱ ሌላውን ዘርፎ ያገኘው ትርፍ አይደለም፤ ሰዓቱ የተሻለ ቦታ በመዋሉ የመጣ ነው። ትርፉ እኩል መከፈሉ ግን ዋጋው 5 ላይ ስለቆመ ብቻ ነው። ዋጋው 9 ሸሚዝ ላይ ቢቆም እኛም ጥቂት እናተርፋለን፤ አብዛኛውን ግን እነሱ ይወስዱታል። ስለዚህ ድርድር ላይ ጥሩ ዋጋ ለማግኘት መሟገት ከዚህ ሐሳብ ጋር አይጣላም።

እዚህ ላይ ነጋዴው በትክክል የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ገዢ እኮ ሰዓት አይቆጥርም፤ ዶላር ነው የሚቆጥረው። እነሱ በሁለቱም ከበለጡን ሸሚዛችን በዶላር እንዴት ይረክሳል?» የሚያረክሰው የደመወዝና የምንዛሪ ተመን ነው፤ ብዙ ማብራሪያዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

በሌላው አገር የሰዓት ደመወዝ 3 ዶላር ነው እንበል። ጉልበትን ብቻ ብንቆጥር ሸሚዛቸው 6 ዶላር፣ ፓምፓቸው 15 ዶላር ይወጣል። እኛ በሰዓት 120 ብር እንክፈል፤ አንድ ዶላርም 120 ብር ይሁን። ደመወዛችን በሰዓት 1 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ሸሚዛችን 3 ዶላር፣ ፓምፓችን 30 ዶላር ይወጣል። ሸሚዝ ከእኛ ይገዛል፣ ፓምፕ ከእነሱ ይገዛል። ደመወዛችን ከ2 ዶላር በታች እስከሆነ ድረስ ሸሚዙ ይሸጣል፤ ከግማሽ ዶላር ካልወረደ ደግሞ ፓምፑ ከውጭ ይመጣል። የዚህ ክልል ወሰኖች የሚመጡት ከዚያው ከሥራ ሰዓቱ ንጽጽር ነው። ደመወዛችን ከእነሱ ማነሱ በሰዓት ከምናመርተው ማነስ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የምንለው ዝቅተኛ ደመወዝ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ሸሚዙን ከ3 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ማውረድ ከቻልን የክልሉ ጣሪያ ከ2 ወደ 3 ዶላር ከፍ ይላል፤ ሠራተኛውን የሚያሳድገው መንገድ ያ ነው።

አሁን ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይና የምንዛሪ ተመኑ በመመሪያ 1 ዶላር በ50 ብር ይታሰር። ያው 120 ብር አሁን 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሆነ። ሸሚዛችን 7 ዶላር ከ20 ሳንቲም ገባ፤ የእነሱ 6 ነው። ፓምፓችን 72 ዶላር ሆነ። በአንድ ሌሊት ሁሉንም ነገር በርካሽ የሚያመርቱት እነሱ ሆኑ። ሰፊዋ አልሰነፈችም፣ መኪናውም አልተበላሸም፤ የተዛባው ሚዛኑ ነው። የምንልከው ይጠፋል፣ የምናስገባው ይረክሳል፤ ዶላር ፈላጊው ይበዛል፣ አምጪው ያንሳል። ባንክ ቤት የወረፋ ዝርዝር ይረዝማል፣ በትይዩ ገበያና በባንክ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። «በምንም መወዳደር አልቻልንም» የሚለው ምሬት ከዶላር ወረፋ ጋር አብሮ ከተሰማ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የምንዛሪ ተመኑ ነው።

ይህን እኛም ኖረንበታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር በገበያ ዋጋ እንዲመነዝሩ ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጡ ኑሮ ያስወደደባቸው ብዙ ናቸው፤ ያንን አናቃልልም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ «ይህ ዕቃ ያዋጣል፣ ያኛው አያዋጣም» የሚል ማንኛውም ጥናት፣ ዶላሩን በ57 ቆጥሮ ከሆነ፣ እንደገና ሳይሰላ ለውሳኔ ሊቀርብ አይገባም።

ክቡራን፣ ዋናው ጥያቄያችን ወደዚህ ይመጣል። ለአንድ ዕቃ ከለላ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «የእኛ ማምረቻ ወጪ ይህን ያህል፣ የውጪው ዋጋ ይህን ያህል» የሚል ሰንጠረዥ ነው። ይህ ሰንጠረዥ የሚጠይቀው «ማን ይረክሳል?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «በዚህ ዕቃ አንድ ዶላር ለማዳን ወይም ለማግኘት ስንት ብር የሚያወጣ የአገር ጉልበትና ሀብት እናፈሳለን?» የሚለው ነው። ስሌቱ የአገር ውስጥ ሀብት ወጪ ይባላል፤ ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አይጠይቅም።

ሁለት ዕቃ ወስደን እንየው፤ ቁጥሮቹ አሁንም ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ውጭ የሚላክ የሥራ ቱታ ነው። ወደብ ላይ 6 ዶላር ይሸጣል። ከውጭ የሚገባው ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ 4 ዶላር ነው። ለአገር የሚቀረው 2 ዶላር ነው ማለት ነው። ያንን ለማግኘት ለደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለኪራይና ለካፒታል 180 ብር ይወጣል። 180ን ለ2 ስናካፍል፣ አንድ ዶላር በ90 ብር ተገኘ። አንድ ዶላር 120 ብር በሚያወጣበት ገበያ ይህ ጥሩ ሥራ ነው።

ሁለተኛው እዚሁ ተገጣጥሞ ለአገር ገበያ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ያለቀለት ምድጃ ከውጭ ቢገባ 20 ዶላር ነው። ለመገጣጠም የሚገባው ቆርቆሮ፣ ማሞቂያ ሽቦና መቆጣጠሪያ 16 ዶላር ነው። ዳነ የሚባለው 4 ዶላር ብቻ ነው። የአገር ውስጥ ወጪው 720 ብር ነው። ለ4 ሲካፈል፣ አንድ ዶላር ለማዳን 180 ብር አወጣን ማለት ነው። በቱታው በ90 ብር የሚገኘውን ዶላር በምድጃው በ180 እየገዛነው ነው።

አሳሳቹ ነገር የምድጃው ፋብሪካ አትራፊ ሆኖ መታየቱ ነው። ባለቀለት ምድጃ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ ተጥሎ መለዋወጫው ከቀረጥ ነጻ ይግባ እንበል። የውጪው ምድጃ ገበያ ላይ 27 ዶላር፣ ማለትም 3,240 ብር ይሆናል። እዚህ የተገጣጠመው ምድጃ ወጪ ለመለዋወጫው 1,920 ብር፣ ለአገር ውስጥ ወጪው 720 ብር፣ በድምሩ 2,640 ብር ነው። ባለ ፋብሪካው በእያንዳንዱ ምድጃ 600 ብር ያተርፋል፤ ሒሳቡን ትክክል ሠርቷል፣ ማንንም አላጭበረበረም። አገሪቱ ግን ያንኑ ምድጃ በ2,400 ብር ታገኘው ነበር፤ በእያንዳንዱ 240 ብር ከሰረች። ይህን ጉድለትም የባለ ፋብሪካውን ትርፍም የሚሸፍነው ምድጃውን የሚገዛው ቤተሰብ ነው።

የታሪፍ መጽሐፉ ላይ የሚታየው 35 በመቶም ትክክለኛውን የከለላ መጠን አይናገርም። ፋብሪካው እዚህ የሚጨምረው እሴት በዓለም ዋጋ 4 ዶላር፣ ወይም 480 ብር ነው። ከቀረጡ በኋላ ግን ከ3,240 ላይ 1,920 ሲቀነስ 1,320 ብር ይሆንለታል። 480 የሚያወጣው ሥራ 1,320 ተከፈለው፤ ከለላው 175 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። እሴቱ በቀጠነ ቁጥር ያው ቀረጥ እየከበደ ይሄዳል። የማሸግና የመገጣጠም ሥራዎች ከፍተኛ ቀረጥ የሚጠይቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ስሌት የሚበላሽባቸውን ቦታዎችም እንናገር፤ ቁጥሩን እንደፈለጉ ማጠፍ የሚቻለው እዚያ ላይ ነውና። አንደኛው የተደበቀ ዶላር ነው። «የአገር ውስጥ ወጪ» ከተባለው 720 ብር ውስጥ 120 ብሩ የናፍጣና የማሽን መለዋወጫ ከሆነ እሱ የ1 ዶላር ዕቃ ነው። ከብሩ ወደ ዶላሩ ሲዛወር፣ 600 ብር ለ3 ዶላር ይካፈላል፤ ዋጋው ከ180 ወደ 200 ይወጣል። ሌላው የመንግሥት ግብር ነው። ግብር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የሚሄድ ገንዘብ እንጂ የተበላ ጉልበት ስላልሆነ ከወጪው መውጣት አለበት። ከሁሉ የከፋው ውጤቱን ከታሰረ የምንዛሪ ተመን ጋር ማነጻጸር ነው። ያ በ90 ብር ዶላር የሚያመጣ ቱታ ከ57 ጋር ቢነጻጸር «አያዋጣም» ተብሎ ይጣል ነበር። ከሚገባው በላይ ከፍ የተደረገ ብር ላኪውን ሁለቴ ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ገበያ ላይ፣ ቀጥሎ ጥናቱ ላይ።

ማጓጓዣም ይቆጠር። ወደባችን ጅቡቲ ናት፤ በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሸሚዙ ምሳሌ በእኛና በእነሱ ዋጋ መካከል የ3 ዶላር ልዩነት አለ። ማጓጓዣ፣ የመጋዘን ኪራይና ዕቃው ቆሞ የሚያስከፍለው ተደምሮ በአንድ ሸሚዝ ከ3 ዶላር ካለፈ አንጻራዊ ብልጫችን ወረቀት ላይ ይቀራል። ጡብና አሸዋ ብዙ ጊዜ ወደ ሩቅ አገር የማይላኩት ለዚህ ነው፤ ከዋጋቸው ክብደታቸው ይበልጣል። ስለዚህ ኮንቴይነር ያለ ምክንያት ቆሞ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን በራሳችን ላኪ ላይ የጣልነው ቀረጥ ሆኖ ይታሰብ።

ስለ ተጎጂው ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። በምሳሌው ፓምፕ ሠሪው ሥራውን ያጣል። ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ የሚያወጣው ባለሙያ እጁ የለመደው መዶሻና ቆርቆሮ ነው፤ ሰኞ ከቆርቆሮው ተነስቶ ማክሰኞ የስፌት መኪና ላይ አይቀመጥም። ሒሳቡ 30 ሰዓት ከፓምፕ ወደ ሸሚዝ ተዛወረ ሲል፣ መሐሉ ላይ ወራት፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት አሉ። አገሪቱ ማትረፏ እሱ ማትረፉን አያረጋግጥም። ትርፉ እውነተኛ ከሆነ ግን እሱን የሚክስ ገንዘብ በውስጡ አለ፤ ካሳውና ሥልጠናው ከታሪፉ ለውጥ ጋር በአንድ ሰነድ፣ በአንድ በጀት ይምጣ እንላለን። ለኋላ የተተወ ካሳ እንደማይመጣ ሠራተኛው ያውቃል፤ ንግድ መክፈትን የሚቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ከለላ ጨርሶ አይሰጥ አላልንም። ብልጫ በተፈጥሮ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በሥራ ይለመዳል። ዛሬ 30 ሰዓት የሚፈጀው ፓምፕ ነገ 9 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ያኔ 1 ፓምፕ ስንሠራ የሚቀርብን 3 ሸሚዝ ብቻ ይሆናል፤ ከእነሱ 2 ተኩል ጋር ተቀራረብን ማለት ነው። ነገር ግን ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነው። ዘንድሮ ዶላሩን በ180 ብር የሚያድን ፋብሪካ ከሦስት ዓመት በኋላ 150፣ ቀጥሎም 120 መድረሱ በቁጥር መታየት አለበት። ካልወረደ እየለመደ አይደለም፤ እየተጦረ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የታሪፍ ከለላ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሁሉ የአገር ውስጥ ሀብት ወጪውን በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያቅርብ፦ የዕቃው የወደብ ዋጋ በዶላር፣ የተደበቀውን ጨምሮ ከውጭ የሚገባው ግብዓት በዶላር፣ ከግብር የጠራው የአገር ውስጥ ወጪ በብር፣ የማካፈሉ ውጤት፣ ንጽጽሩ የተሠራበት የምንዛሪ ተመንና ቀኑ። የኩባንያውን የንግድ ምስጢር የማይነካው የመጨረሻው ቁጥር ለሕዝብ ይገለጽ። ከለላ ሲፈቀድ የሚያበቃበት ቀንና በየዓመቱ ሊደረስበት የሚገባው ቁጥር በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። በአህጉራዊ ቀጣናው ከቀረጥ ቅነሳ ውጭ እንዲቆዩ በምንይዛቸው ዕቃዎች ላይም ይኸው ሚዛን ይዋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ያለበት ቁጥሩ እየወረደ ያለው እንጂ ድምፁ ከፍ ያለው አይደለም።

ሰንጠረዡን አዘጋጅቶ ለባለሙያዎች ለማሳየት ከግማሽ ቀን በላይ አያስፈልግም። በተጠራን ሰዓት የምድጃውን ሒሳብ በእውነተኛ ቁጥር አብረን ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የንግድ ኢኮኖሚክስ የምናስተምርና የምናማክር ባለሙያዎች
ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ አዲስ አበባ